ፋይሉ ሰው እጅ ላይ ነው

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ለአንድ ሱቅ የምሠራውን የሒሳብ ፕሮግራም አንዲት መስመር አስተካክዬ ኮምፒውተሬ እንደገና እንዲገነባው አዘዝኩ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ይህን ጽፎ ቆመ፦

```
mt.exe : general error c101008d: Failed to write the
updated manifest to the resource of file "hisab.exe".
Access is denied.
```

የመጨረሻው መስመር «አይፈቀድልህም» ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የራሴ፣ ፎልደሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምንም ሳልነካ ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩት፤ ያለ ችግር ሠራ። በማግስቱ ግን ስህተቱ ሌላ ፋይል ላይ ተመልሶ መጣ።

በዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን መልእክት አንድ ቀን ያየዋል። አብዛኛው ሰው የፈቃድ ችግር መስሎት የፎልደሩን ፈቃዶች ሲቀያይር ይውላል፤ የተቀረው ተናዶ አንቲቫይረሱን ጭራሽ ያጠፋዋል። ሁለቱም መፍትሔ አይደሉም፤ ችግሩ የፈቃድ ሳይሆን የተራ ነውና።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ፕሮግራም እንዴት እንደሚገነባ እንይ። ባለሙያው የጻፈውን ኮድ መጀመሪያ ኮምፓይለር ወደ ማሽን ቋንቋ ይቀይረዋል። ቀጥሎ ሊንከር የተባለው መሣሪያ ቁርጥራጮቹን አገጣጥሞ `hisab.exe` የሚል ፋይል ያወጣና ይዘጋዋል። ከዚያ `mt.exe` ይመጣና ያንኑ ፋይል ከፍቶ ማኒፌስት የሚባል አጭር መግለጫ ይጨምርበታል። መግለጫው ፕሮግራሙ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ፣ የትኞቹን የዊንዶውስ ክፍሎች እንደሚጠቀም የሚናገር ነው። ሊንከሩ ፋይሉን ሲዘጋና `mt.exe` ሲከፍተው በመካከል ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ነው።

አንቲቫይረሱ የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። ሥራው አዲስ የተጻፈን ፋይል መመርመር ነው፤ ከማንም በላይ የሚጠረጥረው ደግሞ ከደቂቃ በፊት ያልነበረን፣ ማንም የማያውቀውን `.exe` ፋይል ነው። እኔ በየቀኑ የምፈጥረው በትክክል እንዲህ ያለውን ፋይል ነው። ስለዚህ ሊንከሩ እንደዘጋው አንቲቫይረሱ ያነሣዋል፤ `mt.exe` ሲደርስ ፋይሉ በሌላ እጅ ነው።

መሥሪያ ቤት የተመላለሰ ሰው ይህን አያጣውም። መዝገብ ቤት ሄዶ ፋይሉን ሲጠይቅ «ፋይልዎ ሰው እጅ ላይ ነው» ይባላል። ዊንዶውስም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ሁሉ ፋይሉን እስኪመልስ ድረስ ሌሎች ምን ማድረግ እንደሚችሉ አብሮ ያስመዘግባል፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መሰረዝ። መጻፍን ካልፈቀደ፣ ዘግይቶ ለመጻፍ የመጣው ይመለሳል። ሊኑክስ ግን በዚህ ረገድ ልል ነው፤ አንዱ ፋይሉን ከፍቶ እያነበበ ሌላው ሊሰርዘውና በዚያው ስም አዲስ ሊያስቀምጥ ይችላል። አንድ ዓይነት ኮድ ሊኑክስ ላይ ሰላም ሆኖ ዊንዶውስ ላይ አልፎ አልፎ የሚሰናከለው አንድም ለዚህ ነው።

ታዲያ መልእክቱ ለምን «በሌላ እጅ ነው» ብሎ እውነቱን አይናገርም? አንዳንዴ ይናገራል፤ ያ የስህተት ቁጥር 32 ነው። እኔን ያሳሳተኝ ግን ቁጥር 5 ነበር። አንድ ፋይል ተይዞ ሳለ እንዲሰረዝ ሲታዘዝ፣ ዊንዶውስ «ይሰረዛል» የሚል ምልክት ያደርግበትና የያዘው ሁሉ እስኪለቀው ይጠብቃል። እስከዚያ ስሙ በፎልደሩ ውስጥ ይቆያል፣ ፋይሉን ግን ማንም አይከፍተውም። በዚያ ስም አዲስ ፋይል ሊያስቀምጥ የመጣ ፕሮግራም የሚሰጠው መልስ ቁጥር 5፣ ማለትም `Access is denied` ነው። በቅርብ ጊዜዎቹ የዊንዶውስ 10 እትሞችና በ11 ላይ ስሙ ብዙ ጊዜ ወዲያው ስለሚነሣ ይህ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ጥርጣሬን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ፕሮሰስ ሞኒተር የተባለው የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል መቼ እንደነካ ይመዘግባል። እኔ `hisab.exe` የሚለውን ስም ብቻ እንዲያሳየኝ አድርጌ ግንባታውን ደጋገምኩት። ስህተቱ በመጣበት ሙከራ ላይ፣ በ`mt.exe` አንጻር `DELETE PENDING` የሚል ውጤት ተጽፎ አገኘሁ። ከዚያ ጥቂት መስመሮች ከፍ ብሎ አንቲቫይረሱ ያንኑ ፋይል ከፍቶታል፤ የዘጋው ደግሞ ከስህተቱ በኋላ ነው። የዊንዶውስን ዲፌንደር የሚጠቀም ሰው የሚፈልገው ስም `MsMpEng.exe` ነው። አንቲቫይረስ በከፊል የሚሠራው በስርዓቱ እምብርት ውስጥ ስለሆነ ግን፣ ስሙ በመዝገቡ ላይ ባይታይም ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

ያለ መሣሪያም የሚለዩ ምልክቶች አሉ። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ፋይል ላይ፣ በየሙከራው የሚመጣ ከሆነ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ተከፍቶ ተረስቷል፣ ወይም እውነተኛ የፈቃድ ችግር አለ። ፋይሉ ተፈጥሮ ከጠፋ ደግሞ አንቲቫይረሱ ቫይረስ ነው ብሎ አግልሎታል። አንዴ እየሠራ አንዴ እምቢ የሚል፣ ፋይል እየቀያየረ የሚመጣ፣ ሲደግሙት የሚጠፋ ስህተት ግን የተራ ግጭት ነው።

እኔ ለማረጋገጥ ግንባታውን 60 ጊዜ አስደገምኩት፤ 5 ጊዜ ወደቀ። ከዚያ የምርት ፎልደሩን ብቻ ለጊዜው ከምርመራ አወጣሁት። በዲፌንደር ከሆነ ፓወርሼልን በአስተዳዳሪነት ከፍቶ እንዲህ መጻፍ ነው፦

```
Add-MpPreference -ExclusionPath "C:\hisab\out"
```

በድጋሚ 60 ጊዜ አስኬድኩት፤ አንዴም አልወደቀም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን ከምርመራ የወጣ ፎልደር ለተንኮለኛ ፕሮግራም መሸሸጊያ ነው፤ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ነገሮች የሚቀመጡበትን ወይም ሙሉውን የተጠቃሚ ፎልደር ማውጣት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ስለዚህ ክፍተቱን ራሱን መዝጋት መረጥኩ። ሊንከሩ `/MANIFEST:EMBED` የሚል ትእዛዝ ሲሰጠው ማኒፌስቱን ራሱ ያስገባዋል፤ `mt.exe` ፋይሉን ዳግም መክፈት አያስፈልገውም። ክፍተቱን መዝጋት በማይቻልበት ቦታ የሚረዳው ጥቂት ጠብቆ መሞከር ነው። የማይክሮሶፍቱ ኤምኤስቢልድ ፋይል ሲገለብጥ እንቢ ከተባለ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ በአንድ አንድ ሰከንድ ልዩነት እስከ 10 ጊዜ ይሞክራል። `MSB3026` የሚል ማስጠንቀቂያ ያየ ሰው ይህ ጥበቃ እየተካሄደ መሆኑን ይወቅ፤ `MSB3027` ካየ ደግሞ ሙከራው አልቋል።

ከዚያ በኋላ ፎልደሩን ወደ ምርመራ መለስኩት። አንቲቫይረሱ ዛሬም `hisab.exe` እንደተወለደ አንሥቶ ያገላብጠዋል። ሲያገላብጠው ግን ከኋላው ተራ የሚጠብቅ የለም።