የደኅንነት ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ ለምን አይበጅም?

የደኅንነት ጥያቄ የይለፍ ቃል ሲጠፋ የሚከፈት የጓሮ በር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ትወዳደር የነበረችው የሳራ ፔሊን የያሁ ኢሜይል የተደፈረው በዚሁ መንገድ ነበር። የ20 ዓመት ተማሪ የልደት ቀኗን፣ የፖስታ ኮዷንና ከባለቤቷ ጋር የተዋወቀችበትን ትምህርት ቤት ከኢንተርኔት ፈልጎ አገኘ፤ የይለፍ ቃሏንም ለወጠ።

«የእናትዎ የቤተሰብ ስም ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በተለይ ለኢትዮጵያውያን አደገኛ ነው። ኢትዮጵያዊት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ፣ ልጇ በፌስቡክ «እማዬ፣ እንኳን ተወለድሽ» ብሎ ስሟን ሲያያይዝ መልሱ አብሮ ይወጣል። «የሚወዱት ዘፋኝ ማን ነው?» ዓይነቱ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ባለቤቱን ራሱን ያሳስተዋል።

መፍትሔው እውነተኛውን መልስ መተው ነው። ለእናት ስም «ሰማያዊ ድንች ጣራ» ዓይነት ያልተዛመዱ ቃላት ይሰጣሉ፤ ለየአገልግሎቱም የተለያዩ ይሁኑ። በስልክ ለባንክ ሠራተኛ መነገር ስለሚኖርባቸው ከተዘበራረቁ ፊደላት ቃላት ይሻላሉ። መልሶቹ በይለፍ ቃል ማስቀመጫ መተግበሪያ ወይም ተቆልፎ በሚቀመጥ ደብተር ይጻፋሉ። የቆየው መልስ በአካውንቱ የደኅንነት ማስተካከያ ገጽ ይቀየራል። አገልግሎቱ ጥያቄውን አጥፍቶ በሌላ የማረጋገጫ ዘዴ ለመተካት ከፈቀደ፣ ያንን መምረጥ ይበልጣል።