ተጨማሪው ክፍያ የት ገባ? የቤት ብድር የሂሳብ መግለጫ አነባበብ

የቤት ብድር የወሰደ ሰው በየጊዜው ከባንኩ የሚደርሰው የሂሳብ መግለጫ ብዙ ጊዜ የሚነበበው በአንድ መስመሩ ብቻ ነው፤ ይኸውም በወሩ የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ይሁንና ከዚህ ድምር ውስጥ ዕዳውን የሚቀንሰው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ተበዳሪው ከመደበኛው ወርኃዊ ክፍያ በላይ ጠቀም ያለ ገንዘብ በሚያስገባበት ጊዜ ደግሞ የገንዘቡ አመዘጋገብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ብር ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በአንድ የተሰላ ምሳሌ አማካይነት መግለጫው እንዴት እንደሚነበብና ተጨማሪ ክፍያ የት እንደገባ በምን እንደሚታወቅ ያብራራል። አሃዞቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው እንጂ የአንድን ባንክ ተመን አይወክሉም።

አንዲት ተበዳሪ 1,000,000 ብር በ12 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ20 ዓመት ተከፍሎ በሚያልቅ እኩል ወርኃዊ ክፍያ ተበደረች እንበል። ወርኃዊው የወለድ መጠን 1 በመቶ ስለሚሆን ለ240 ወራት የሚከፈለው ገንዘብ በየወሩ 11,010.86 ብር ነው። ባንኩ በዚህ ላይ 250 ብር የመድን አረቦን አብሮ ይሰበስባል፤ ስለዚህ ከሂሳቧ በየወሩ የሚወጣው 11,260.86 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ወለዱ የ1,000,000 ብር 1 በመቶ፣ ማለትም 10,000 ብር ይሆናል። ለዋናው ብድር የሚተርፈው 1,010.86 ብር ብቻ ነው።

ተበዳሪዎችን በብዙ የሚያስደነግጠው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚታየው ቀሪ ዕዳ ነው። በምሳሌው 36 ወራት ሲሞሉ ተበዳሪዋ አረቦኑን ሳይጨምር 396,390.96 ብር ከፍላለች፤ ከዚህ ውስጥ ዕዳውን የቀነሰው 43,544.69 ብር ብቻ ሲሆን 352,846.27 ብሩ ወለድ ነው። ቀሪ ዕዳዋ 956,455.31 ብር ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ወለድ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ በመሆኑና ዕዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገና ትልቅ በመሆኑ የመጣ ውጤት ነው። ዋናው ብድር በየወሩ ጥቂት በቀነሰ ቁጥር የሚቀጥለው ወር ወለድ በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ከእኩሉ ክፍያ ለዋናው የሚደርሰው ድርሻ ቀስ በቀስ እያደገ ይሄዳል። በ37ኛው ወር ወለዱ 9,564.55 ብር፣ ለዋናው ብድር የዋለው ደግሞ 1,446.31 ብር ይሆናል።

መግለጫው በትክክል መመዝገቡን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ሥሌት አንድ ቅነሳ ነው። ካለፈው ወር ቀሪ ዕዳ ላይ በዚህ ወር ለዋናው ብድር የዋለው ገንዘብ ሲቀነስ የዚህን ወር ቀሪ ዕዳ መስጠት አለበት። በምሳሌው ከ956,455.31 ላይ 1,446.31 ሲቀነስ 955,009.00 ብር ይገኛል። መግለጫው ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ካሳየ በብድር ሂሳቡ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው።

የዚህ ጭማሪ አንዱ የተለመደ ምንጭ መድኑ ነው። ለብድር መያዣ የሆነ ቤት ቢያንስ ለእሳት አደጋ መድን እንዲገባለት ባንኮች ይጠይቃሉ፤ ተበዳሪው ቢሞት ቀሪው ዕዳ የሚከፈልበት የሕይወት መድንም በአንዳንድ ብድሮች ይኖራል። የሁለቱም አረቦን ዕዳውን በአንዲት ሳንቲም አይቀንስም። ሁለቱ ግን በባሕርያቸው ይለያያሉ፦ የቤቱ መድን በቤቱ ዋጋ ላይ ስለሚመሠረት ዕዳው ቢያንስም አረቦኑ አይወርድም፤ በቀሪ ዕዳ ላይ የተመሠረተ የሕይወት መድን አረቦን ግን ከዕዳው ጋር ሊያንስ ይገባዋል። ችግሩ የሚመጣው አረቦኑ በየወሩ ሳይሰበሰብ ቀርቶ ባንኩ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከፍሎ በብድር ሂሳቡ ላይ ሲያስመዘግበው ነው። በምሳሌው የዓመቱ 3,000 ብር በ37ኛው ወር በዚህ መልክ ቢመዘገብ ቀሪ ዕዳው 958,009.00 ብር ይሆናል፤ አረቦኑም ከዚያ በኋላ እንደ ብድር በየወሩ 30 ብር ወለድ ይወልዳል። ይህን የሚያጋልጠው ከላይ የተጠቀሰው ቅነሳ ነው።

አሁን ተበዳሪዋ የ37ኛውን ወር ክፍያ በፈጸመችበት ዕለት ሌላ 100,000 ብር ገቢ አደረገች እንበል። ይህ ገንዘብ ከሦስት በአንዱ መንገድ ሊመዘገብ ይችላል።

አንደኛው መንገድ ገንዘቡን በሙሉ ለዋናው ብድር ማዋልና ወርኃዊ ክፍያውን እንዳለ መተው ነው። ቀሪ ዕዳው ወደ 855,009.00 ብር ይወርዳል። ወርኃዊ ክፍያው 11,010.86 ብር ሆኖ ስለሚቀጥል ብድሩ በቀሩት 203 ወራት ፈንታ በ151 ወራት ያልቃል፤ የመጨረሻውም ክፍያ ከመደበኛው ያነሰ ነው። ከአራት ዓመት በላይ ያጥራል ማለት ነው። የሚቀረው ወለድ ወደ 477,000 ብር ገደማ ይቀንሳል።

ሁለተኛውም ገንዘቡን ለዋናው ብድር ያውላል፤ ነገር ግን የመክፈያ ዘመኑን 203 ወራት አድርጎ ይተወውና ወርኃዊ ክፍያውን እንደገና ያሰላል። አዲሱ ክፍያ 9,857.90 ብር ይሆናል፤ በየወሩ 1,152.96 ብር ይቀላል። የወለዱ ቅናሽ ግን ወደ 134,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ባንኩ በሁለተኛው መንገድ 343,000 ብር ወሰደ ማለት አያስኬድም። ልዩነቱ የመጣው ተበዳሪዋ በየወሩ 1,152.96 ብር በእጇ በማስቀረቷ ነው። ይህንኑ ትርፍ በየወሩ መልሳ ለዋናው ብድር ብታውለው ብድሩ ልክ እንደ አንደኛው መንገድ ባለቀ ነበር። ገቢው የማይጸና ቤተሰብ ሁለተኛውን ቢመርጥ ምክንያት አለው፤ አስቸጋሪ ወር ሲመጣ የሚገደድበት ክፍያ ያነሰ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ገንዘቡን የመጪዎቹ ወራት ቅድመ ክፍያ አድርጎ መቁጠር ነው። ባንኩ 100,000 ብሩን በጊዜያዊ ማቆያ ሂሳብ ያስቀምጥና በየወሩ ቀኑ ሲደርስ 11,260.86 ብር እየነሣ መደበኛውን ክፍያ ይፈጽምበታል። ገንዘቡ ስምንት ወር ያስኬድና 9,913.12 ብር ይተርፋል። በዚህ ጊዜ ቀሪ ዕዳው በአከፋፈል ሰንጠረዡ ላይ ከተጻፈው አልወረደም፤ ወለዱም ያልተለወጠ ነው። ተበዳሪዋ ለስምንት ወራት ከመክፈል ዐረፈች እንጂ ወለድ አላተረፈችም፤ ገንዘቧ ያለ ወለድ ተቀምጧል። ዕዳዋን ለማሳነስ አስባ ከፍላ ከሆነ ሐሳቧና ምዝገባው አልተገናኙም።

ከሦስቱ የትኛው እንደተፈጸመ ደረሰኙ አይናገርም፤ በሁሉም ላይ 100,000 ብር ገቢ መሆኑ ብቻ ይጻፋል። የሚናገረው የቀጣዩ ወር የወለድ መስመር ነው። ገንዘቡ ለዋናው ብድር ውሎ ከሆነ የ38ኛው ወር ወለድ 8,550.09 ብር ይሆናል፤ ካልዋለ 9,550.09 ብር ነው። ልዩነቱ ልክ 1,000 ብር፣ የ100,000 ብር የአንድ ወር ወለድ ነው። ወለዱ ከወረደ በኋላ አንደኛውንና ሁለተኛውን ለመለየት ደግሞ ወርኃዊው ክፍያ መለወጡንና ብድሩ የሚያልቅበትን ቀን ማየት ይበቃል።

ይህ መለኪያ ግን አንድ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ብዙ ባንኮች ወለድን በወር ሳይሆን በቀን ያሰላሉ። በ955,009 ብር ላይ የአንድ ቀን ወለድ፣ ዓመቱ 365 ቀን ተብሎ ሲሰላ፣ 313.98 ብር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የ30 ቀን ወር ወለድ 9,419.27፣ የ31 ቀን ወር ወለድ ደግሞ 9,733.24 ብር ይሆናል። በአገራችን አቆጣጠር ወራቱ ከጳጉሜን በቀር እኩል 30 ቀን በመሆናቸው የባንኩ መግለጫ በግሪጎርያን ቀን ሲቀርብ ይህ መዋዠቅ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ወለድን ከወለድ ከማነጻጸሩ በፊት በሁለቱ ምዝገባዎች መካከል ያሉትን ቀናት መቁጠር አለበት። የወለድ ተመኑ ራሱ በመካከሉ ከተለወጠም ሥሌቱ በአዲሱ ተመን መሠራት ይኖርበታል።

የቀን ሥሌቱ ሌላም የሚያሳስት ነገር ያስከትላል። ተበዳሪዋ 100,000 ብሩን ከመደበኛው ክፍያ 12 ቀን በኋላ ብታስገባ፣ ባንኩ በቅድሚያ የእነዚያን ቀናት ወለድ 3,767.71 ብር ወስዶ ለዋናው የሚያውለው 96,232.29 ብር ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ የተቆረጠባት ይመስላታል። ነገር ግን ይህ ወለድ በወሩ መጨረሻ መከፈሉ የማይቀር ነበር፤ የሚቀጥለው መግለጫ የቀሩትን 18 ቀናት ወለድ ብቻ፣ ማለትም 5,082.08 ብር ማሳየት አለበት። መግለጫው የ30 ቀን ሙሉ ወለድ ካሳየ ያን ጊዜ ወለዱ ሁለት ጊዜ ተወስዷልና መጠየቅ ይገባል።

ቅደም ተከተሉ ራሱ ሕጋዊ መሠረት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለዕዳው ከዋናው ገንዘብ ሌላ ወጪና ወለድ ያለበት እንደሆነ ክፍያው በመጀመሪያ ለወጪ፣ ቀጥሎ ለወለድ፣ በመጨረሻ ለዋናው ገንዘብ እንዲታሰብ ይደነግጋል። ስለዚህ ውዝፍ ክፍያ ያለበት ተበዳሪ የሚያስገባው ተጨማሪ ገንዘብ፣ በውሉ ላይ የሰፈረ የመዘግየት ቅጣት ካለ እሱን ጨምሮ፣ ውዝፉን ሳያጠናቅቅ ወደ ዋናው ብድር አይደርስም።

በተግባር ተበዳሪው ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት የብድር ውሉን ስለ ቅድመ ክፍያ የሚናገረውን አንቀጽ ማየት ይኖርበታል፤ አንዳንድ ውሎች ለቅድመ ክፍያ ማስታወቂያ ወይም ክፍያ ይጠይቃሉ። ከዚያም ገንዘቡ ለዋናው ብድር እንዲውልና ወርኃዊ ክፍያው እንዳይለወጥ፣ ወይም እንደ ምርጫው እንዲቀንስ፣ በጽሑፍ ያመለክታል፤ አዲስ የአከፋፈል ሰንጠረዥም ይጠይቃል። ሰንጠረዡ ከተሰጠ የቀጣዩን ወር ወለድ በላዩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ማስተያየት ይቻላል። ምዝገባው ከማመልከቻው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ በገባበት ቀን እንዲታረም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እርማቱ በተጠየቀበት ቀን ብቻ ከተመዘገበ በመካከሉ ያለፈው እያንዳንዱ ቀን 32.88 ብር ገደማ ወለድ ያስከፍላል።