የተገለበጠችው መርሴዲስ

በስዊድን መንገዶች ሌሊት ሌሊት ሾፌር የሚያስደነግጥ እንስሳ አለ። ኤልክ ይባላል፤ አጋዘን ይመስላል፣ ቁመቱ ግን ፈረስ ያህላል፤ ከጫካው ወጥቶ አስፋልቱ መሐል ይገተራል። የአገሩ የመኪና መጽሔት ጋዜጠኞች አዲስ መኪና ሲፈትሹ ይህን ቅጽበት አስመስለው ይፈጥራሉ፤ ፍሬን ሳይዙ መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዘው ያልፋሉ፣ ወዲያው ወደ ቀኝ መልሰው መስመራቸውን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1997 ቴክኒከንስ ቬርልድ የተባለው መጽሔት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳ የፈተናት መኪና በዚህ ጥምዘዛ ጎማዎቿን ከመሬት አንስታ ተገለበጠች። ገበያ ላይ ከዋለች ገና ቀናት ያልሞላት የመርሴዲስ ኤ-ክላስ ነበረች።

ሌላ ኩባንያ ቢሆን ወሬው ምናልባት በሳምንት ይረሳ ነበር። መርሴዲስ ግን ለዓመታት ሲሸጥ የኖረው ከመኪናው ጋር ደኅንነትን ነው። ኤ-ክላስም አጭርና ቁመተ ረጅም የሆነችው ለዚሁ ነበር፤ ወለሏ ድርብ ነው፣ ከፊት ግጭት ቢደርስ ሞተሩ ወደ ተሳፋሪው እግር ሳይመጣ ከወለሉ ሥር እንዲንሸራተት ታስቦ የተሠራ። አንዱን አደጋ ለመከላከል የተመረጠው ቁመት ለሌላው አደጋ በር ከፈተ። ይባስ ብሎ፣ የምሥራቅ ጀርመኗ ትንሿ ትራባንት ያንኑ ፈተና ማለፏ ተወራና የጀርመን ሕዝብ የቀልድ እጥረት አልገጠመውም።

የኩባንያው የመጀመሪያ መልስ ነገሩን ማቃለል ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥምዘዛ በተለመደው አነዳድ አይገጥምም የሚል። ቴክኒካዊ ክርክሩ ጨርሶ ባዶ አልነበረም። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የተገለበጠ መኪና ፎቶ ላየ ገዢ የሚቀርበው ማብራሪያ፣ ሾፌሩን ጥፋተኛ የሚያደርግ ሆኖ ይሰማል። ቀጥሎ ጣት ወደ ጎማዎቹ ተቀሰረ። ደንበኛው ግን ገንዘቡን የከፈለው ለጎማ አምራቹ አልነበረም፤ ባለ ሦስት ጫፍ ኮከብ ለተለጠፈበት መኪና ነው።

የሚለዋወጥ ማብራሪያ ምን እንደሚያስከትል በ1990 የፈረንሳዩ ፔሪየር አይቶታል። ንጹሕነቱን ሲያስተዋውቅ የኖረው የማዕድን ውኃ ውስጥ አሜሪካ ላይ ቤንዚን የሚባለው መርዛማ ኬሚካል ተገኘበት፤ ኩባንያውም 160 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከመላው ዓለም ሰበሰበ። እስከዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ጥፋቱ የአንድ ጽዳት ሠራተኛ ስህተት ነው ተባለ፤ ኋላ ደግሞ ቤንዚኑ ከምንጩ ጋዝ ጋር የሚመጣ እንደሆነና በጊዜው ያልተለወጠ ማጣሪያ እንዳሳለፈው ተገለጠ። ጠርሙሱን ከመደርደሪያ ያነሳው ኩባንያ የራሱን ቃል ማንሳት ነበረበት።

መርሴዲስ መንገዱን የቀየረው በጥቅምቱ መጨረሻ ነው። መኪናዋ ላይ ኢኤስፒ የተባለ መሣሪያ ለሁሉም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚገጠም አስታወቀ። ኢኤስፒ የመሪውን አቅጣጫና የመኪናውን ትክክለኛ ጉዞ እያነጻጸረ፣ መኪናው ከሾፌሩ ፍላጎት ሲወጣ አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል፣ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ከዚያ በፊት በውድ መኪኖች ላይ ብቻ ይገኝ ነበር። ይህም ግን ጥርጣሬውን አላበረደም። ኖቬምበር ላይ ኩባንያው መኪናዋን ለደንበኛ ማስረከቡን ለ12 ሳምንት አቆመ፤ ቀድሞ የተሸጡትንም ወደ ጋራዥ ጠራ። ሒሳቡ 300 ሚሊዮን የጀርመን ማርክ ገደማ ተተምኗል።

ገዢውን ያሳመነው ይህ ማቆም ይመስላል። ጋዜጣዊ መግለጫ ማንም ይሰጣል፤ ወረፋ የሚጠብቅ ገዢ እያለ መኪና አላስረክብም የሚል ሻጭ ግን ዋጋውን ከራሱ ኪስ እየከፈለ ነው የሚናገረው። የተጎዳው የደኅንነት ቃል ስለነበር፣ ካሳውም በደኅንነት መሣሪያ መሆኑ ልክ ገጠመ። የገንዘብ ቅናሽ ቢሰጥ ኖሮ ስለ መገልበጥ የሚጠይቅን ሰው ስለ ዋጋ መመለስ ይሆን ነበር።

ዕድልም ረድቶታል፤ መፍትሔው አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ነበር። ሁሉም ኩባንያ ችግሩ በተፈጠረ በሳምንቱ ሊገጥመው የሚችል መሣሪያ አያገኝም፤ እንደዚያ ሲሆን የሚቀረው ሽያጩን ማቆምና መንስኤው እስኪታወቅ ድረስ ስለ መንስኤው አለመገመት ነው።

ኤ-ክላስ በ1998 መጀመሪያ ተመልሳ መጣች፤ የመጀመሪያው ትውልድ ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ትንሽ መኪና ላይ የተገጠመው ኢኤስፒም ወደ ሌሎች አምራቾች ተዛመተ፤ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ።