ከማራቶን በኋላ ጠንካራ ልምምድ መቼ ይጀመር?



«ዶክተር፣ ማራቶን ከሮጥኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ህመሙም ጠፍቷል። ኢንተርቫል ልጀምር?» ለምትሉ መልሱ አጭር ነው፤ ገና ነው።

42 ኪሎ ሜትር ስንሮጥ፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ስለሚሸከም ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ። ህመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብስና በሳምንት ገደማ ይጠፋል። የሚያታልለንም ይሄ ነው፤ ህመሙ የሚጠፋው የጡንቻው ጥንካሬ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ነው።

እሁድ ማራቶን የጨረሰ አንድ የመቱ ሯጭን እናስብ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሩጫ የለም፤ ሜዳ ላይ 20 ደቂቃ በእግር መንሸራሸር ይበቃዋል። ሐሙስ ደረጃ ወርዶ ይሞክር። ጭኑን ካላመመው ቅዳሜ 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይሩጥ፤ እያወራ መሮጥ መቻል አለበት። ካመመው ደግሞ ይቆይ።

ሁለተኛው ሳምንት፦ ቀን እየዘለለ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ሜዳ ላይ ብቻ። የጎሬን መንገድ ለጊዜው ይተወው። ዳገቱ ትንፋሽ ቢያስጨንቅም ጡንቻውን መልሶ የሚጎዳው ከጎሬ ወደ መቱ ያለው ቁልቁለት ነው።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ከቀላል ሩጫው መጨረሻ ላይ 20 ሰከንድ ፈጠን እያለ አራት ጊዜ ይሞክር፤ ሙሉ ኃይሉን ግን አይጠቀም።

አራተኛው ሳምንት፦ የመጀመሪያው ጠንካራ ልምምድ እዚህ ጋ ይመጣል። ለምሳሌ 3 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ዝግ፣ አምስት ጊዜ። በሳምንት አንዴ በቂ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሳ የልብ ምቱን ይቁጠር። ከወትሮው በ10 ከበለጠ ወይም እግሩ ከከበደው ቀጣዩን ያራዝም።

ታላላቆቹም አይቸኩሉም። ታምራት ቶላ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ ኒውዮርክ ላይ የሮጠው ጥቅምት 24 ቀን 2017 ነው፤ 12 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች፦

ለህመሙ ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አትውሰዱ። ሰውነት ውሃ ባጠረው ሰዓት ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ሽንታችሁ እንደ ቡና ከጠቆረ ወይም በጣም ካነሰ ግን የተጎዳው ጡንቻ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ስለሚችል ሳታድሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

የጡንቻ ህመም ሰፋ ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በሁለቱም እግር ይሰማል። በአንድ እግር፣ በጣት የምትጠቁሙት አጥንት ላይ የሚያም፣ ስትሮጡም የሚብስ ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሩጫውን አቁማችሁ ታከሙ።

ማራቶን ለሮጠ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት፤ ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።