«ወረቀቱ ምን ይላል?» ላለች አክስት

የቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲለጠፍ ማንበብ የሚችሉት ቆመው ያነቡታል፤ የማይችሉት ደግሞ ካጠገባቸው ያለውን ሰው «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚያገኙት መልስ ብዙ ጊዜ «ስለ መሬት ነው» ወይም «ስብሰባ ነገር ነው» ከማለት አያልፍም። መልሱ ውሸት አይደለም። ግን መቼ፣ የት፣ ምን ይዛ መሄድ እንዳለባትና ካልሄደች ምን እንደሚደርስባት ለጠያቂዋ የሚነግራት ነገር የለውም። ቤት ውስጥ አንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ ካለ ይህን ሥራ በደንብ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው ወረቀቱን እንዳለ ማንበቡን ትቶ በሰሚዋ ቅደም ተከተል መናገር ነው።

በአማራ ክልል ገጠር በተደጋጋሚ የሚወጣን አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እንውሰድ፤ የመሬት ልኬታ ውጤት ለሕዝብ ይፋ የሚሆንበትን። ቃሉ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፤ አጻጻፉ ግን ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው፦

«በቀበሌያችን በ2ኛ ደረጃ የገጠር መሬት ልኬታና ምዝገባ ሥራ የተለኩ ማሳዎች ካርታና የባለይዞታዎች ስም ዝርዝር ከመጋቢት 7 እስከ መጋቢት 21 ቀን በቀበሌው ጽ/ቤት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ የሚቆይ ስለሆነ፣ ማንኛውም ባለይዞታ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ቀደም ሲል የተሰጠውን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና መታወቂያውን ይዞ በሥራ ሰዓት በመቅረብ እንዲያረጋግጥ እያሳሰብን፣ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ያላቀረበ በተመዘገበው መረጃ እንደተስማማ ተቆጥሮ የይዞታ ማረጋገጫው የሚዘጋጅ መሆኑን እናሳውቃለን።»

ሁሉም ነገር የተጫነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ዋናው ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ለሚያነብ ሰው ችግር የለውም፤ ዓይኑን መልሶ ያየዋል። ለሚሰማ ሰው ግን «ተቆጥሮ» ላይ ሲደረስ መጀመሪያው ጠፍቷል። ይኸው ወረቀት ባሏ ለሞተባትና መሬቷን ለእኩል ለሰጠች አክስት ሲነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እትዬ፣ የለጠፈው የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ያን ጊዜ ወሰን ላይ ቆመን ያስለካነው መሬት በካርታ ወጥቶ ቀበሌ ተሰቅሏል። ሄደሽ ያንቺ መሬት በትክክል መጻፉን እንድታዪ ነው የሚለው። የመጨረሻዋ ቀን የዚህ የያዝነው ወር ማርያም ናት። ስትሄጂ የድሮውን የመሬት ደብተርና መታወቂያሽን ያዢ። ስህተት ካለ በቃል መናገር አይበቃም፤ በጽሑፍ አምጡ ነው ያሉት፤ እሱን እኔ እጽፍልሻለሁ። ዝም ካልሽ ግን ‹ተስማምታለች› ብለው በተጻፈው መሠረት አዲሱን ደብተር ይሠሩታል። ስለ ገንዘብ የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም። አንቺ መቅረብ ካልቻልሽ የምትልኪው ሰው ሕጋዊ ውክልና ያለው መሆን አለበት ይላል።»

ርዝመቱ ከወረቀቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ማሳጠር ማለት ገጸ ባሕርዩን ሁሉ ማውጣት አይደለምና። ከወረቀቱ የወጣው በዋናነት «እያሳሰብን»፣ «መሆኑን እናሳውቃለን» የሚለው የቢሮ ቋንቋ ነው። ቀኑ፣ የሚያዘው ነገር፣ የጽሑፉ ግዴታና ዝም የማለት ዋጋ አንዱም አልተጣለም። «ስለ ገንዘብ የሚል ነገር የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ ባይኖርም መነገሩ ተገቢ ነው፤ ከመንግሥት ወረቀት ሲመጣ ሰሚዋ መጀመሪያ የምትፈራው ክፍያን ነውና። ነገር ግን ተናጋሪው «አትከፍዪም» ብሎ ቃል መግባት የለበትም። ወረቀቱ የማይለውን ሲነግራት ወረቀቱ እንደማይለው አድርጎ መንገር አለበት።

ቀኑን በተመለከተ ከ«21» ይልቅ «ማርያም» መባሉ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ክርስቲያን እናቶች ወሩን በልባቸው ይዘውታል፤ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። ለሙስሊም ዘመድ ደግሞ «ከሚመጣው ጁምዓ ቀጥሎ ባለው ሳምንት» ወይም በገበያ ቀን ይነገራል። ሁለት ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ማርያም በየወሩ አለች፤ ስለዚህ «የዚህ የያዝነው ወር» መባል አለበት። ሁለተኛ፣ በዓሉን የምታከብር ሴት በዕለቱ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቀበሌ ትሄዳለች ብሎ ማሰብ ከባድ ነው፤ «ከማርያም በፊት ባለው የገበያ ቀን እንሂድ» ብሎ ቀን መቁረጥ ይሻላል። አንዳንድ ማስታወቂያ ደግሞ የመጨረሻውን ቀን ሳይጽፍ «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 የሥራ ቀናት» ብቻ ይላል። እዚህ ላይ ቆጠራው የአንባቢው ሥራ ነው። ቅዳሜና እሁድ እንደ ሥራ ቀን ሲቆጠሩ ቀኑ ያጥራል፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቀንና የተለጠፈበት ቀን ደግሞ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የሚያሳስብ ከሆነ ጽሕፈት ቤቱን «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆ በቀን ስም መያዝ ነው።

ይህን ማስታወቂያ እንደ ተራ ወረቀት ማለፍ የማይገባው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለቱን ልኬታዎች ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1995 ዓ.ም. በክልሉ የተጀመረው የመጀመሪያ ደረጃ ምዝገባ ካርታ አልነበረውም፤ ደብተሩ ላይ የተጻፈው የማሳው ግምታዊ ስፋትና በአራቱ አቅጣጫ ያሉ አዋሳኞች ስም ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ግን ከላይ በተነሳ ምስል ላይ ወሰኑን ይሰምራል። ለኪዎቹ ከባለይዞታው፣ ከአዋሳኞቹና ከቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ጋር ማሳው ላይ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥር ያገኛል፤ ስሙ በዚያ ቁጥር ሥር ይጻፋል። መስመሩ ለወደፊት ማስረጃ ይሆናል። ካርታው ተሰቅሎ የሚቆይበት ጊዜ ስህተት በቀላሉ የሚታረምበት ነው፤ ካለፈ በኋላ ማመልከቻ መመላለስ፣ ሲብስም ፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል።

ለምሳሌያችን አክስት ስህተቱ የሚገኝበት ቦታ ይታወቃል። መሬቷን እኩል የሚያርሰው ሰው በልኬታው ቀን ማሳው ላይ የተገኘው እሱ ከሆነ፣ ስሙ እንደ ባለይዞታ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የሞተው ባሏ ስም ብቻ ተጽፎ የእሷ ሊቀር ይችላል። ራቅ ያለችው ቁራሽ ማሳ ሳትለካ ልትቀር ትችላለች፤ ወይም የወል ግጦሽ ተብላ ልትመዘገብ። የጋራ ይዞታ ደብተር የሁሉንም የጋራ ባለይዞታዎች ስም መያዝ እንዳለበት የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደንግጎ ነበር፤ ባልና ሚስት አብረው በያዙት መሬት ላይ የሚስት ስም መኖሩ የሚጠየቅ ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወደ ቀበሌው አብሮ የሚሄደው ዘመድ «አለሽ፣ ተጽፈሻል» ብሎ መመለስ አይበቃውም። ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ስም፣ የማሳዎቹን ብዛት፣ አዋሳኞቹን እየቆጠረ ጮክ ብሎ ያንብብላት። «ስንት ማሳ ነው ያለሽ?» ብሎ መጀመሪያ ከእሷ ይስማ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከዝርዝሩ ጋር የሚያስተያየው። መጀመሪያ ዝርዝሩን ካነበበላት ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር እሺ ልትል ትችላለች።

ካርታውን ደግሞ እሷው ታነበዋለች። ምስሉ ከላይ የተነሳ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መንገዱ፣ ወንዙና ዛፎቹ ይታያሉ። «ይቺ ቤተ ክርስቲያኗ ናት፤ ይሄ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ነው» ብሎ ካስጀመራት፣ ከዚያ ጣቷን እያስኬደች የራሷን ማሳ ታገኘዋለች። ወሰኑ በቀረው ጉቶ በኩል ይሁን በጅረቱ በኩል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ሰሜንና ደቡብ ብሎ ከማንበብ «በወንዙ በኩል የእገሌ ማሳ ይላል» ማለት ይሻላል። ማሳው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን ዘመዱ በወረቀት ይያዝ፤ ቅሬታ ሲጻፍ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ወረቀቱን ነግረው ሲጨርሱ «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ የሚመለሰው «አዎ» ነው። ይልቅ «ለልጅሽ ብትነግሪው ምን ትዪዋለሽ?» ብሎ እሷ እንድትናገር ማድረግ ነው። «መጥተው መሬቱን ሊለኩ ነው» ካለች ልኬታው ማለቁ አልተነገራትም ማለት ነው። «ማርያም ዕለት ስብሰባ አለ» ካለች ቀኑ እንደ ቀጠሮ ተይዟል፤ የመጨረሻ ቀን መሆኑ እንደገና መነገር አለበት። የራስን አስተያየትም ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ዘመዱ «እኩል አራሹን አትመኚው» የሚል ሐሳብ ካለው፣ «ይሄ የእኔ ነው፣ ወረቀቱ አላለም» ብሎ ይንገራት፤ አለዚያ በነጋታው ሰውየውን «መንግሥት ስላንተ ጽፏል» ብላ ትጣላዋለች።

ስህተት ከተገኘ የሚጻፈው ቅሬታ አንድ ገጽ አይሞላም። የባለይዞታዋ ሙሉ ስም፣ ቀበሌና ጎጥ፣ የማሳው መለያ ቁጥር፣ የተጻፈው ምን እንደሆነና መሆን የነበረበት ምን እንደሆነ፣ እንዲሁም ያሉት ማስረጃዎች ይበቃሉ፤ የድሮው ደብተር፣ የአዋሳኞች ምስክርነት። የጣት አሻራዋን ከማኖሯ በፊት የተጻፈው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብላት፤ ሌላ ሰው ጽፎ ያመጣው ከሆነም እንዲሁ። ቅሬታው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንደኛው ላይ የተቀበለው ሠራተኛ ቀን ጽፎ ይፈርምበት፤ የሚቻል ከሆነ ማኅተም ይምታበት። ያ ቅጂ ከድሮው ደብተር ጋር ይቀመጥ። «በቃል ነግረናቸዋል» የሚለው ከሁለት ወር በኋላ ማንም የማያስታውሰው ነገር ይሆናልና፣ ሠራተኛው «ይበቃል፣ አስታውሰዋለሁ» ቢልም እንኳ ፊርማውን በትሕትና መጠየቅ ነው።