የዕረፍት ፈቃድ ማመልከቻ

የዕረፍት ፈቃድ ማመልከቻ አንድ ሠራተኛ ከሥራ ገበታው ለተወሰኑ ቀናት ለመለየት ፈቃድ የሚጠይቅበት ደብዳቤ ነው። በአማርኛ በሚሠሩ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ማመልከቻው የሚጻፈው በተለመደው የሥራ ደብዳቤ ሥርዓት ሲሆን፣ ቀኑ፣ ተቀባዩ፣ ጉዳዩ፣ ሐተታው፣ የመዝጊያ ሰላምታውና ፊርማው እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታ አላቸው። መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው መልስም ይህንኑ ቅርጽ ይዞ ቁጥር፣ ማኅተምና ግልባጭ ይጨምርበታል። ሠራተኛው በፈቃድ እንደሄደ በዋናነት የሚያስረዳው መልሱ እንጂ ማመልከቻው አይደለም።

## ከቀድሞው ደብዳቤ ጋር ያለው ልዩነት

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎች በላኪው ስምና ማዕረግ ይጀምሩና «ይድረስ…» ብለው ተቀባዩን ይጠራሉ። ቀጥሎ ጤንነት የሚጠይቅ ሰላምታ ይመጣል፤ ጉዳዩ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑና ቦታው ደግሞ መጨረሻ ላይ «ተጻፈ» ከሚለው ቃል ጋር ይሰፍራሉ።

የዛሬው የሥራ ደብዳቤ ቅደም ተከተል ከዚህ የተገለበጠ ነው። ቀኑ ከላይ ይጻፋል፤ ጉዳዩ ከሐተታው በፊት በአንድ መስመር ይነገራል፤ ሰላምታው «ከሰላምታ ጋር» በሚል አጭር ሐረግ ወደ መጨረሻው ይወርዳል። በዚህም ምክንያት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሙሉውን ደብዳቤ ሳያነብ ከላይኞቹ መስመሮች ብቻ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ ማወቅ ይችላል።

## የማመልከቻው ክፍሎች

ቀን በቀኝ በኩል ከላይ ይጻፋል። የወሩን ስም በፊደል ማስፈር ይመረጣል። «4/5/2018» የሚለው አጻጻፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 4 ቀን ነው፤ ነገር ግን የፈረንጆችን አቆጣጠር የለመደ አንባቢ 5ኛውን ወር ሜይ ብሎ ሊወስደው ይችላል። «ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.» ሲባል ግን አያሻማም።

ቁጥር የሚሰጠው ለመሥሪያ ቤት ወጪ ደብዳቤ ነው። ማመልከቻ የግለሰብ ደብዳቤ ስለሆነ አመልካቹ በራሱ ቁጥር አይጽፍበትም። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ሲደርስ በገቢ መዝገብ ይመዘገብና የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል። ቆይቶ «ማመልከቻህ አልደረሰንም» የሚል ክርክር ቢነሳ መልስ የሚሰጠው ይህ ቁጥር በመሆኑ፣ አመልካቹ የራሱን ቅጂ ቁጥሩና ቀኑ እንዲሰፍርበት አድርጎ ይይዛል።

ተቀባዩ «ለ» በሚለው ቃል ይጀምራል። ደብዳቤው የሚጻፈው ለኃላፊው በስሙ ሳይሆን ለክፍሉ ነው፤ ኃላፊው ቢቀየርም ጉዳዩ በክፍሉ እጅ ይቀጥላል። ከሥሩ የከተማው ስም ይጻፍና ይሰመርበታል።

ጉዳዩ በገጹ መሐል ይቀመጣል። አመልካች «ስለመጠየቅ» ብሎ ሲዘጋው፣ መልስ ሰጪው «ስለመፍቀድ» ወይም «ስለመስጠት» ይላል። «ፈቃድን ይመለከታል» ብቻ ማለት የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ወይም የሐዘን ፈቃድ መሆኑን አይለይም፤ እነዚህ ፈቃዶች ደግሞ በሕግ የተለያየ የቀን መጠንና የክፍያ ሁኔታ አላቸው።

ሐተታው የአመልካቹን የሥራ መደብ፣ የሚጠይቀውን የቀን ብዛት፣ የሚጀምርበትንና የሚመለስበትን ቀን ይገልጽና በጥያቄው ይዘጋል። የተለመደው መዝጊያ «እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» የሚለው ነው። ከዚያ «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማና ሙሉ ስም ይከተላሉ። ማስረጃ ከተያያዘ «አባሪ» ተብሎ የገጹ ብዛት ይጻፋል።

## የቀን አቆጣጠር በምሳሌ

አንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ 5 ዓመት አገልግሏል እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 2 ዓመት ደግሞ 1 የሥራ ቀን ይታሰባል። ስለዚህ ሠራተኛው 18 የሥራ ቀናት ዕረፍት አለው።

ከዚህ ውስጥ ግማሹን፣ ማለትም 9 ቀናት፣ ከሰኞ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መውሰድ ይፈልጋል። ድርጅቱ የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ከጥር 4 እስከ 8 አምስት የሥራ ቀናት አሉ። ጥር 9 እና 10 ቅዳሜና እሑድ ናቸው፤ ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ስለሆነ አይቆጠርም። ከጥር 12 እስከ 15 ያሉት አራት ቀናት ሲጨመሩ 9 ይሞላሉ። ከጥር 4 እስከ 15 በድምሩ 12 ቀን ቢሆንም ከዕረፍቱ የሚቀነሰው 9 ብቻ ነው። ማመልከቻው ላይ «12 ቀናት» ብሎ ቢጽፍ ሦስት የዕረፍት ቀናት በከንቱ ሊያጣ ይችላል።

> ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፡- የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> በድርጅቱ የሒሳብ ክፍል በሒሳብ ሠራተኛነት እያገለገልኩ እገኛለሁ። ካለኝ የ2018 ዓ.ም. የዓመት ዕረፍት ውስጥ 9 (ዘጠኝ) የሥራ ቀናት ከጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለመውሰድ እፈልጋለሁ። ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ሥራዬ የምመለስ ስለሆነ ፈቃዱ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ፊርማ)
> (ሙሉ ስም)

የቀኑ ብዛት በአኃዝና በፊደል የተጻፈው በኋላ እንዳይለወጥ ነው። የመመለሻው ቀን መጠቀሱም «እስከ ጥር 15» ሲባል 15 ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለውን ጥርጣሬ ያስቀራል።

## ምሪትና መልስ

ማመልከቻው ለኃላፊው ሲቀርብ ኃላፊው በደብዳቤው ኅዳግ ላይ «በደንቡ መሠረት ይፈጸምለት» ዓይነት አጭር ትእዛዝ ጽፎ ይፈርማል። ይህ ምሪት ይባላል። ምሪት ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፍ የሚያደርግ የውስጥ መመሪያ ነው። ክፍሉ ቀሪ ዕረፍቱን አይቶ ያነሰ ቀን ሊፈቅድ ወይም ጊዜውን ሊያሸጋግር ይችላል፤ የዓመት ዕረፍት የሚሰጠው የሠራተኛውን ፍላጎትና የሥራውን ሁኔታ አገናዝቦ በሚወጣ ፕሮግራም ነውና። ምሪቱን አይቶ ብቻ የሄደ ሠራተኛ ከሥራ እንደቀረ ሊቆጠርበት ይችላል።

መልሱ ቁጥርና ቀን ይኖረዋል። ተቀባዩ ሠራተኛው ራሱ ስለሆነ ከስሙ በታች «ባሉበት» ይባላል። ሐተታው ወደኋላ ተመልሶ «ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም. በጻፉት ማመልከቻ…» ብሎ ይጀምርና «የተፈቀደልዎ መሆኑን እንገልጻለን» ብሎ ይዘጋል። «እንገልጻለን» የሚለው የብዙ ቁጥር የሚናገረው ኃላፊው ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ መሆኑን ያሳያል። ፊርማና ማኅተም ከተደረገ በኋላ «ግልባጭ» በሚለው ሥር ለሒሳብ ክፍልና ለግል ማኅደር ይላካል። የማኅደሩ ቅጂ ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት ቀሪ ዕረፍት ሲሰላ የተወሰደው ቀን ያልተወሰደ፣ ያልተወሰደውም የተወሰደ ሊመስል ይችላል።

## የሕመም ፈቃድ

ሕመም አስቀድሞ ስለማይታወቅ ቅደም ተከተሉ ይለያል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው፣ አሠሪው ሕመሙን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ከሌለ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ በቀረበት ማግሥት ማሳወቅ አለበት። ማመልከቻው በኋላ ሲጻፍ የሕክምና ማስረጃው «አባሪ፡- 1 ገጽ» ተብሎ ይጠቀሳል። ማስረጃው ከደብዳቤው ተነጥሎ ቢጠፋ እንኳ ቀርቦ እንደነበር ይህ መስመር ያመለክታል።