ወራጅ ሲጠራ ታክሲው የት ይቁም?

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ዘወትር ከሚሰሙት ድምፆች መካከል ሹፌርን ከማናቸውም የመንገድ ምልክት ይልቅ ፈጥኖ የሚያዘው «ወራጅ አለ!» የሚለው ጥሪ ነው፤ ይህም ጥሪ በተሰማ ጊዜ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ሚኒባስ፣ በፌርማታ አጠገብ ይሁን በመስቀለኛ መንገድ አፍ፣ በዜብራ ጫፍ ይሁን በአስፋልቱ መካከል፣ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ረዳቱም ተንሸራታቹን በር ስቦ ወራጁን ካወረደ በኋላ በዚያው ቅጽበት አዲስ ተሳፋሪ ይጠራል፣ የመኪናውንም ጎን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» ይላል። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ ተሳፋሪውም፣ ሹፌሩም፣ ከኋላ ጡሩምባውን እየነፋ የሚጠብቀውም ሰው የከተማው ተፈጥሮ አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገር ግን በዚህች ጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚሆነውን በርጋታ የመረመረ ሰው፣ አደጋው ከየት እንደሚመጣ፣ ሕጉም ስለ ምን እንደ ከለከለ፣ ክልከላውም ስለ ምን እንዳልተፈጸመ ለይቶ ማወቅ ይቻለዋል።

የሕጉ ነገር ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። የመንገድ ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡም ሆነ መንጃ ፈቃድ ፈላጊው ሁሉ በማሠልጠኛ ቤት የሚማረው ሥርዓት በጠቅላላው የሚያስተምረው፣ ሕዝብ የሚያመላልስ ተሽከርካሪ ሰው የሚያወርደውና የሚጭነው ለዚሁ በተከለለለትና ምልክት በቆመለት ሥፍራ መሆኑን፣ ሲቆምም የቀኝ ጠርዙን ተጠግቶ መሆኑን ነው። መስቀለኛ መንገድና የእግረኛ ማቋረጫ፣ ድልድይ፣ ጠመዝማዛ፣ ከወዲያ ማዶ የሚመጣው የማይታይበት የዳገት ጫፍ፣ እነዚህ ሁሉ ለመቆም የተከለከሉ ናቸው። የሕጉን መንፈስ የፈለገ ሰው ይህን ዝርዝር ሁሉ በአንድ ምክንያት ሊያስረው ይችላል፤ ይኸውም የቆመ መኪና መንገድን ከመዝጋቱ ይበልጥ ዓይንን መዝጋቱ ነው።

ይህንም በምሳሌ እንየው። በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር ያለው ጎዳና እናስብ፤ ፌርማታው ከዜብራው በፊት ተተክሎአል፣ ሚኒባሱም የቀኙን መስመር ይዞ ከዜብራው ጥግ ቆሞአል። አንዲት ወራጅ ወርዳ ወደ ማዶ ለመሻገር በታክሲው አፍንጫ በኩል ዞራ ዜብራውን ረገጠች። በግራው መስመር ደግሞ አንድ የቤት መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ይህም በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል መሄድ ነው። የታክሲው ቁመት 2 ሜትር ገደማ ነውና ሴትዮዋ ከታክሲው ግራ ጎን ብቅ እስክትል ድረስ ለዚያ ሹፌር ፈጽማ አትታየውም፤ ብቅ ካለች በኋላም መኪናው ወደሚያልፍበት ሥፍራ ለመድረስ የሚቀራት አንድ እርምጃ ነው፣ እርሱም አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሰው አደጋን ዐይቶ፣ አስተውሎ፣ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ወደ ፍሬን እስኪያዛውር ድረስ ግን አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ሹፌሩ ንቁ፣ ፍሬኑም አዲስ ቢሆን እንኳ፣ ፍሬኑ መያዝ ሳይጀምር ሴትዮዋ ተመትታለች፤ መኪናውም የሚመታት በሙሉ ፍጥነቱ ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን የመሰለ አደጋ ሲሰማ «በፍጥነት እየነዳ ነበር» ወይም «እሷም ሳታይ ገባች» ብሎ ይፈርዳል። ፍጥነት በደል መሆኑ አይካድም፤ በደረቅ አስፋልት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ካየበት ሥፍራ እስከሚቆምበት 35 ሜትር ያህል ሲያስፈልገው፣ በ30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን በ18 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ የተመታውም ሰው በሕይወት የመትረፍ ተስፋው በፍጥነቱ ልክ ይለያያል። ነገር ግን ከላይ በተናገርነው ምሳሌ በ30 ኪሎ ሜትር የሚመጣውም ቢሆን በዚያች አንዲት ሰከንድ ከፍሬኑ አይደርስም። ጥፋቱ የተጀመረው ታክሲው ዓይንን በጋረደበት ሥፍራ ነው፤ ታክሲውን በዚያ ያቆመውም ብዙ ጊዜ የሹፌሩ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ፌርማታውን ከዜብራው በፊት የተከለው እጅ ነው።

ስለዚህም የመንገድ መሐንዲሶች፣ ሌላ የሚያስገድድ ነገር ከሌለ በቀር፣ ፌርማታን ከማቋረጫውና ከመስቀለኛው መንገድ በኋላ መትከልን ይመርጣሉ። አውቶቡሱ ዜብራውን አልፎ የቆመ እንደሆነ ወራጁ ለመሻገር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከኋላ የሚመጣውም ሹፌር እግረኛውን ገና ከእግረኛ መንገዱ ሲነሣ ያየዋል፣ በመካከላቸውም የሚጋርድ የለም። ወደ ቀኝ የሚታጠፈውም መኪና በቆመ አውቶቡስ ፊት ለፊት እየተጠመዘዘ አይገባም። ይህ መፍትሔ የራሱ ፈተና አለበት፤ ከማቋረጫው በኋላ ያለው ፌርማታ አጭር ከሆነና መኪናው ከበዛበት የሰልፉ ጭራ ተመልሶ ዜብራውን ይሸፍነዋል፣ ሸሽተነዋል ያልነውም ግርዶሽ በሌላ በር ይገባል። እንግዲህ ነገሩ ከሥፍራው ወደ ርዝመቱ፣ ከርዝመቱም ወደ ጊዜው ይሄዳል ማለት ነው።

ስለ ጊዜው ጥቂት እንቆይ፤ የአዲስ አበባ በሽታ ከዚህ ላይ ነውና። ሁለት ሚኒባስ የሚያስቆም፣ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ የተሠራ ፌርማታ አለን እንበል፣ በየደቂቃውም አንድ ታክሲ ይደርሳል፤ ይህም በሰዓት 60 ነው። እያንዳንዱ ታክሲ አውርዶና ጭኖ በ30 ሰከንድ ቢነሣ፣ ከሂሳቡ ግማሹን ለመግቢያና ለመውጫ ብንተውለት እንኳ፣ ፌርማታው በሰዓት 120 ያህል ያስተናግዳል፣ ትርፍም አለው። ነገር ግን ታክሲው እስኪሞላ 4 ደቂቃ ቢጠብቅ፣ ይኸው ፌርማታ በሰዓት የሚያስተናግደው 30 ብቻ ይሆናል። የቀሩት 30 ወዴት ይሄዳሉ? መልሱን ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አንደኛው መስመር ላይ ይቆማሉ፣ ያም ሲሞላ ሁለተኛው ላይ ይደረባሉ፣ በመካከላቸውም ሰው ይተራመሳል።

ሹፌሩ እስኪሞላ የሚጠብቀው ከክፋት የተነሣ አይደለም። መኪናው የራሱ ያልሆነ ሹፌር ለባለቤቱ በየዕለቱ ቁርጥ ገቢ ማስገባት አለበት፤ ነዳጁን፣ የረዳቱን ድርሻና የራሱን እንጀራ የሚያገኘው ከዚያ በተረፈው ነው፤ ባዶ ወንበር ይዞ መሄድ ከኪሱ እንደ መክፈል ይቈጠርበታል። በመንገድ ላይ አንድ ሰው እጁን ሲያነሣ አይቶ ማለፍ የማይሆንለትም ለዚህ ነው፤ እርሱ ያለፈውን ሰው ተከትሎት የሚመጣው ታክሲ ያነሣዋልና። ቅጣት ብቻውን ይህን ልማድ ያላጠፋው፣ የተቀጣው ሹፌር የቅጣቱን ገንዘብ የሚያገኘው ያንኑ ሥራ ደግሞ በመሥራት ስለሆነ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ባለበት ሰዓት ሁሉም ወደ ፌርማታው ይገባል፤ ፖሊሱ ዘወር ሲል ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

የአውቶቡሱ ችግር ከዚህ ይለያል። አንበሳ አውቶቡስ ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል በመሆኑ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆኖ ለመቆም ከፊቱም ከኋላውም ባዶ ሥፍራ ይሻል፤ በፌርማታው ውስጥ አንድ የቤት መኪና ብቻ ቆሞ ከተገኘ ግን አፍንጫውን ወደ ውስጥ ጭራውን ወደ መስመሩ አድርጎ ይቆማል፣ ወይም ጨርሶ ሳይገባ በመስመሩ ላይ ያወርዳል። ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ደግሞ ሥፍራው ባዶ ሆኖም ወደ ውስጥ መግባትን የማይወዱበት ጊዜ አለ፤ አንድ ጊዜ ከገቡ መልሶ የሚያስወጣቸው ደግ ሰው አይገኝምና። በዚህ አልፈርድባቸውም። ቀርፋፋ በሆነና መስመሩ በበዛ ጎዳና ላይ፣ ምልክቱ በግልጽ ከቆመ፣ አውቶቡስ በመስመሩ ላይ ቆሞ እንዲጭን የፈቀዱ ከተሞች አሉ፤ በዚያ ግን የእግረኛው መንገድ እስከ አውቶቡሱ በር ተራዝሞ ስለ ተሠራ የሚወርደው ሰው አስፋልት አይረግጥም። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ላይ ነው።

በእኛ ዘንድ ወራጁ የሚረግጠው አስፋልቱን ነው። የሚኒባሱ በር በቀኝ በኩል መሆኑ ብዙውን ሰው ያታልላል፤ ታክሲው ከጠርዙ አንድ ሜትር ተኩል ርቆ ሲቆም በበሩና በእግረኛው መንገድ መካከል ለሞተር ብስክሌት የምትበቃ ቀጭን መተላለፊያ ትቀራለች፤ ሞተረኛውም ሰልፉን ለማምለጥ የሚመርጠው ያችኑ ነው። «ማዘር፣ ፈጠን ይበሉ፣ ትራፊክ መጣ!» ይላል ረዳቱ፤ እናትም ዘንቢላቸውን በአንድ እጃቸው፣ የበሩን ብረት በሌላው ይዘው፣ ዓይናቸውን በሚረግጡት መሬት ላይ እንዳደረጉ ይወርዳሉ። በዚያች ቅጽበት ወደ ኋላ ተመልክቶ «ቆይ፣ ሞተር አለ» ማለት የሚችለው ረዳቱ ብቻ ነው፤ እርሱ ግን ፊቱን አዙሮ የመንገዱን ስም እየጠራ ነው። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ደግሞ ከጠርዙ ሥር ውሃ ስለሚያቁር ታክሲው ይበልጥ ይርቃል፤ ፍሬንም በእርጥብ አስፋልት ሲያንሸራትት መቆሚያው ከደረቁ ይልቅ ብዙ ሜትር ይረዝማል።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ብዙዎቹ ሲታደሱ ለታክሲና ለአውቶቡስ የተለዩ መጫኛና ማውረጃ ሥፍራዎች ተሠርተዋል፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሆኖም ሥፍራው መሠራቱ ጊዜውን አያስተካክለውም፤ ማውረጃውን መጠበቂያ ካደረጉት፣ ከላይ የተቈጠረው ሂሳብ በአዲሱም ድንጋይ ላይ ያው ነው። በኔ አስተያየት ቀዳሚው ሥራ ተራንና ፌርማታን መለየት ነው። እስኪሞላ የሚጠብቅ ታክሲ ከጎዳናው ውጪ ባለ ተራ ይጠብቅ፣ ተራ አስከባሪውም በዚያ ይሥራ፤ በመንገድ ዳር ያለው ፌርማታ ግን ያወረደ ታክሲ ያገኘውን ጭኖ ወዲያው የሚነሣበት ይሁን። ሁለተኛው፣ ከዜብራ በፊት የተተከሉት ፌርማታዎች አንድ በአንድ ተመርምረው፣ ርዝመቱ የሚበቃ ሥፍራ በተገኘ ቁጥር ከዜብራው በኋላ ይተከሉ፤ ይህ ከመንገድ ሥራ ሁሉ ርካሹ ነው፣ የሚጠይቀውም የምልክት ብረት መንቀልና ቀለም መቀባት ነውና።

ለተሳፋሪውም የምለው አለኝ። «ወራጅ አለ» የሚለውን ቃል ከደጃፍዎ ፊት ለፊት ሳይሆን ፌርማታው ገና ከሩቅ ሲታይ ይጥሩት፤ ሹፌሩ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ የሚጠጋበት ጊዜ ያገኛል። ከመውረድዎ በፊት በበሩ በኩል ወደ ኋላ ይመልከቱ፤ ከወረዱም በኋላ ታክሲው ተነሥቶ መንገዱ ወለል ብሎ እስኪታይዎ ድረስ በፊቱ አይሻገሩ።